ስም የሌለው ክኒን

 

የእናታችሁን መሶብ ከፍ ስታደርጉ ቋጠሮ ላስቲክ አገኛችሁ እንበል። ውስጡ ነጫጭ ክኒን አለ። ስም የለውም። እናት፣ "ያ የግፊቴ ነው መሰለኝ" ይላሉ። "መሰለኝ" ካሉ አይዋጥም።

ለምን? የግፊትም የስኳርም ክኒን ነጭና ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ስኳር የሌለበት ሰው፣ ያውም ሳይበላ፣ ከዋጠው ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቋጠሮውን ልጅ ከማይደርስበት አኑሩት። አትጣሉት። ከሌላ ክኒን ጋርም አትቀላቅሉት። ቀጥሎ የቀጠሮ ካርዱን፣ የሐኪም ማዘዣውን፣ አሮጌውን ፖስታ ፈልጉ። ክኒኑ ላይ የተቀረጸ ፊደል ካለ እዩት፤ ግን በእሱ ብቻ አትወስኑ። ሁሉንም ይዛችሁ ዛሬውኑ ወደ ፋርማሲ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነገ አትበሉ፤ የዘወትር መድኃኒት መቋረጡም ይጎዳልና። ባለሙያው ካልለየው ያው አይዋጥም፤ ስለ አዲስ ማዘዣ ጠይቁ።

ተውጦ ከሆነስ? ለማስመለስ አትሞክሩ። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ ከታየና ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። በማንኛውም ሁኔታ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ላስቲኩን ግን እንዳትረሱ።

ፋርማሲስቱንም፣ "የክኒኑን ስም፣ ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚዋጥ ፖስታው ላይ ጻፍልን" በሉት። ይጽፋል፤ ሥራው ነው።