የመመሪያው 100 እና የእኛ 92፦ ስለ ቅድመ ሙከራ ገጽ አዘገጃጀት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ገጽ ነው። ተማሪ ወደ ቤተ ሙከራ ከመግባቱ በፊት ረጅሙን የሙከራ መመሪያ አንብቦ በእጁ የሚጽፋት፣ ዓላማን፣ የሥራ ቅደም ተከተልን፣ የጥንቃቄ ነጥቦችንና የሚጠበቀውን ውጤት የምትይዝ ገጽ ናት። ነገሩን በአንድ ሙከራ ላሳያችሁ፤ 25 ሚሊ ሊትር ኤታኖልና 25 ሚሊ ሊትር ውሃ ተቀላቅለው በዲስቲሌሽን የሚለዩበትን ሙከራ ልውሰድ። አረቄ ሲወጣ ላየ የጎጃም ልጅ መሠረቱ እንግዳ አይደለም፤ ፈልቶ የወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ጠብታ ይሆናል።

ከዓላማው እንነሣ። ብዙዎቻችሁ «ዲስቲሌሽንን ማጥናት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ይህ የምዕራፉ ርዕስ እንጂ ዓላማ አይደለም። «ድብልቁን እያፈላን በየተራ የሚወጣውን መለየት፤ ቀድሞ የወጣው እንደሚነድ፣ በፍላስኩ የቀረው ግን እንደማይነድ በጥቂት ጠብታ ማረጋገጥ» ብትሉ ግን ሙከራው መቼ እንዳለቀና መቼ እንደከሸፈ ታውቃላችሁ።

ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መመሪያ የሚጻፈው በማብራሪያ ቅደም ተከተል ነው፤ ሥራ ግን በእጅ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ፍላስኩን ስለ ማሞቅ በሦስተኛው ገጽ ተነግሮ፣ የመፍያ ድንጋይ የምንላቸውን ትናንሽ የሸክላ ስብርባሪዎች ስለ መጨመር በአምስተኛው ገጽ ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። በዚያው ተራ የሠራ ተማሪ ድንጋዩን በጋለ ፈሳሽ ላይ ይጥላል፤ ፈሳሹም በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥንቃቄ ከገጹ ግርጌ አትሰብስቡት፤ ከሚመለከተው ተግባር አጠገብ ጻፉት። የመፍያ ድንጋዩ ፈሳሹ ቀዝቃዛ ሳለ ይገባል። የኮንደንሰሩ ውሃ ከታች ገብቶ በላይ ይወጣል፤ መፍሰስ የሚጀምረውም ከማሞቅ በፊት ነው። መሣሪያው በመቀበያው በኩል ለአየር ክፍት መሆኑ ይታያል፤ የታፈነ ዕቃ ከሞቀ ይፈነዳልና። ማሞቂያው የኤሌክትሪክ እንጂ የእሳት ነበልባል አይሁን። ፍላስኩም እስኪደርቅ አይሞቅም።

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ግን በሚጠበቀው ውጤት ነው። መመሪያዎቻችን የባሕር ጠለልን መሠረት አድርገው የተጻፉ ናቸው። ኤታኖል በ78፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ፈሳሽም የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። ስለዚህ እዚህ ውሃ በ92፣ ንጹሕ ኤታኖል በ71 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የእኛ ድብልቅ የመጀመሪያ ጠብታውን በ75 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል፤ ከዚያም ኤታኖሉ እያለቀ ሲሄድ ቴርሞሜትሩ ቀስ በቀስ ወደ 92 ይወጣል። በ71 ላይ ቆሞ እንዲቆይ አትጠብቁ፤ ቀላል ዲስቲሌሽን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይለያቸውም።

ከዓመታት በፊት የአንድ ክፍል ዘገባዎችን ሳርም፣ ሁሉም ቡድኖች «ውሃው በ100 ዲግሪ ፈላ» ብለው ጽፈው አገኘሁ። ቴርሞሜትሮቹ 92 እንዳሳዩ አልጠራጠርም። ተማሪዎቹ ከዓይናቸው ይልቅ መጽሐፉን አመኑ። እኔም ከእነርሱ ይልቅ ራሴን ወቀስሁ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንዲጽፉ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበርና።

ዝቅ ያለ ንባብ ሁሉ ግን የከፍታ ሥራ አይደለም። የቴርሞሜትሩ አምፖል ወደ ኮንደንሰሩ ከሚወስደው ቅርንጫፍ በላይ ከተሰቀለ፣ እንፋሎቱ በደንብ ስለማያገኘው በሐሰት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። እንዴት ይለያል? ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ተራ ውሃ ውስጥ ሞክሩት። 92 አካባቢ ካሳየ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ዲስቲሌሽኑ ላይ እየተንጠባጠበ 60 ካሳየ ግን የአምፖሉን ቦታ መርምሩ፤ የአምፖሉ አናት ከቅርንጫፉ የታች ጠርዝ ጋር መስተካከል አለበት።

ይህ ሁሉ በገጹ ላይ ሦስት መስመር ይበቃዋል፦ የሚጠበቀው ቁጥር፣ ምክንያቱ፣ ከቁጥሩ ከራቀ ምን እንደሚመረመር። ቁጥሩንም «75 አካባቢ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ እስከ ነጥብ አታውርዱት፤ የአየሩ ግፊት ከቀን ቀን ጥቂት ይለዋወጣል፣ የድብልቁም መጠን በልኬት ይሳሳታል። እኔ በቤተ ሙከራው በር ላይ ገጹን ስቀበል መጀመሪያ የማነበው ይህን ክፍል ነው። «100» የሚል ያገኘሁበትን ተማሪ ከተማችን ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለች እጠይቀዋለሁ፤ አስልቶ እስኪመለስም ማሞቂያው አይበራም።

የቀረው ጊዜ ለጥያቄ ይሁን።