ጠርሙሱ ላይ ያለው ግሥ፦ የጥቁር አዝሙድ የፀጉር ዘይት መግለጫ እንዴት ይጻፍ?

ርዕሰ ጉዳዬን በአንድ ጠርሙስ ላይ ብቻ እወስናለሁ። ጠርሙሱ በአራዳ ገበያና በአካባቢው ሱቆች ከምናያቸው ዓይነት ነው፤ ለፀጉር የሚቀባ 100 ሚሊ ሊትር የጥቁር አዝሙድ ዘይት። የምንመረምረው ግን ዘይቱን ሳይሆን በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ለማሳያ ያዘጋጀሁት እኔ ብሆንም ቃላቱ ለማናችሁም እንግዳ አይሆኑም፤ «ፀጉርን ያበቅላል፤ መርገፍን ያቆማል፤ ፎረፎርንና ቆረቆርን ያድናል፤ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ይላል።

በአገራችን የመዋቢያ ምርቶች የሚተዳደሩት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በሕግ አስተሳሰብ መዋቢያ ማለት አካልን ለማጽዳት፣ ለማስዋብ ወይም መልኩን ለመለወጥ የሚቀባ ነገር ነው። በሽታን ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ ከሆነ ግን መድኃኒት ይባላል፤ እንደ መድኃኒትም ፈዋሽነቱና ደኅንነቱ መረጋገጥ ይኖርበታል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። አንዱን ምርት ከመዋቢያ ወደ መድኃኒት የሚያሻግረው ብዙውን ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሳይሆን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግሥ ነው። ያው ዘይት «ያለሰልሳል» ሲባል መዋቢያ ነው፤ «ያድናል» ሲባል መድኃኒት ነኝ ብሏል። ስለዚህ ጽሑፉን ግሥ በግሥ እንመልከተው።

«መርገፍን ያቆማል» ከሚለው ልጀምር። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ከማበጠሪያ ላይ የምናገኘውን ፀጉር ሁሉ «ረገፈ» እንላለን። ይሁን እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከሥሩ የተነቀለ ፀጉር ነው፤ በአንድ ጫፉ ላይ ነጣ ያለች ትንሽ እብጠት ትታያለች። ከጤነኛ ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር እንዲህ ይነቀላል። ሁለተኛው ከመካከል የተሰበረ ፀጉር ነው፤ ያች እብጠት የለችውም፤ ቁመቱም አጠር ይላል። ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የሌለው አካል በመሆኑ ዘይት ሲቀባው ገጹ ይለሰልሳል፤ ከማበጠሪያው ጋር ያለው ፍትጊያ ይቀንሳል፤ ስለዚህም ስብራቱ ሊቀንስ ይችላል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ሥሩ ላይ ያለውን ዕድገት ይለውጣል ማለት ግን ሌላ፣ ማስረጃ የሚጠይቅ ነገር ነው።

አምራቹ «ሲበጠር የሚሰበረውን ፀጉር ይቀንሳል» ብሎ መጻፍ ከፈለገ፣ ይህን በመጠነኛ ወጪ መፈተን ይቻላል። ፈቃዳቸውን የሰጡ 20 ያህል ሰዎች ይመረጣሉ። የእያንዳንዳቸው ፀጉር ከመካከል ይከፈልና የትኛው ወገን እንደሚቀባ በዕጣ ይወሰናል። ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት ማበጠሪያ፣ እኩል ጊዜ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ይበጠራል። ከዚያም እብጠት የሌላቸው ፀጉሮች ብቻ ይቆጠራሉ፤ ቆጣሪውም የትኛው ወገን እንደተቀባ ማወቅ የለበትም። ልዩነቱ በግልጽ ከታየ ግሡ ተገቢ ነው፤ ካልታየ «ማበጠርን ያቀላል» በሚለው መርጋት ይሻላል።

ወደ «ፎረፎርንና ቆረቆርን ያድናል» ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። በፎረፎር መከሰት ውስጥ ማላሴዚያ የተባለ፣ በራስ ቆዳ ላይ የሚኖርና ቅባት የሚመገብ ፈንገስ ድርሻ አለው። ዘይት ሲቀባ ቅርፊቱ ረጥቦ ከቆዳው ጋር ስለሚለጠፍ ለጥቂት ቀናት የጠፋ ይመስላል። ተጠቃሚው ድኛለሁ ይላል፤ ፈንገሱ ግን አልተነካም፤ እንዲያውም ተጨማሪ ምግብ ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ ሻጩ ሳይዋሽ፣ ገዢውም ሳይዋሽ፣ ጽሑፉ ሐሰት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቆረቆር ደግሞ በአብዛኛው ሕፃናትን የሚይዝ፣ ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ሥር ዘልቆ የሚገባበት ተላላፊ በሽታ ነው። ከላይ የሚቀባ ነገር ወደዚያ ጥልቀት በበቂ ስለማይደርስ ሕክምናው እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ይህም ለሳምንታት መወሰድ አለበት። ጽሑፉን ያመነች እናት ልጇን ለሁለት ወር ዘይት ስትቀባ በሽታው ወደ እኅት ወንድሞቹና ወደ ክፍል ጓደኞቹ ይሻገራል። ከብዶ ካበጠና ከመገለም ደግሞ ቦታው ጠባሳ ሆኖ ፀጉር ላይመለስበት ይችላል። አንዲት ግሥ የምታስከትለው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

ግሡን በማለዘብ ከዚህ ማምለጥ ይቻላልን? «ለቆረቆር ይረዳል»፣ «በአባቶቻችን ዘንድ ለቆረቆር ይውል ነበር» ቢባልስ? አንባቢዋ እናት ከሁለቱም የምትወስደው መልእክት ያው ነው። የበሽታው ስም እስካለ ድረስ ተስፋው አለ። «ቲሞኪኖን ፈንገስን እንደሚገድል በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል» ማለትም አይበቃም፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የተፈተነው የተለየ ውህድና የተለየ መጠን እንጂ ይህ ጠርሙስ በሰው ራስ ላይ አይደለም።

የመጨረሻው ሐረግ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው ነው። ከጥቁር አዝሙድ ዘይት የተነሣ የቆዳ አለርጂ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ዘይቱም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ለብርሃንና ለሙቀት ሲጋለጥ በቶሎ ይሻግታል። ተፈጥሯዊነት መነሻን ይገልጻል እንጂ ደኅንነትን አያረጋግጥም።

ይህን ሁሉ ካነሣን በኋላ የሚቀረን ጽሑፍ የሚከተለው ነው፦

«የጥቁር አዝሙድ የፀጉር ዘይት፣ 100 ሚሊ ሊትር። ይዘት፦ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ዘይት ብቻ። ፀጉርን ያለሰልሳል፤ ያወዛል፤ ማበጠርን ያቀላል። አጠቃቀም፦ ጥቂት ጠብታ በመዳፍ አሽተው ከፀጉሩ መካከል እስከ ጫፉ ይቀቡ። ጥንቃቄ፦ አስቀድመው በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ካሳከከዎ ወይም ከቀላ አይጠቀሙ። ቁስል ባለበት ወይም ፀጉር በክብ በተመለጠበት ራስ ላይ አይቀቡ፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። አይጠጣም። ከብርሃንና ከሙቀት ያርቁ፤ ሽታው ከተለወጠ አይጠቀሙ።»

ከዚህ ሥር የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የተጨመቀበትና የአገልግሎቱ ማብቂያ ቀን ይጻፋሉ። ማብቂያው ቀንም በግምት የሚሞላ አይደለም፤ ዘይቱ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ተቀምጦ እስከ መቼ ሳይሻግት እንደቆየ በተመዘገበ ክትትል ላይ የቆመ መሆን አለበት።

ከእናንተ መካከል ገበያው ቀድሞ በጻፉት ዘንድ ይቀራል የሚል ይኖራል። ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ «ያድናል» የሚለው ጠርሙስ በመጀመሪያው ቀን የበለጠ ሊሸጥ ይችላል። ነገር ግን ፀጉሬ ይለሰልሳል ብላ የገዛችው ሴት በማግስቱ ጠዋት ማበጠሪያዋን ስታነሣ ጽሑፉ እውነት መሆኑን በእጇ ታረጋግጣለች፤ ቆረቆር ይድናል ብላ የገዛችው ግን ይህን ማረጋገጫ አታገኝም።