ገንዘቡ ሳይገባ ዕቃው አይጫንም

አንዲት ነጋዴ ለጀርመን ደንበኛዋ 200 የጥጥ ሻርፕ፣ አንዱን በ15 ዶላር ልትልክ ነው እንበል። ፕሮፎርማውን የምታያይዝበት ኢሜይል ምን ይበል?

ርዕሱ ላይ የፕሮፎርማው ቁጥር ይኑር። ቀጥሎ፦ «ጠቅላላ ዋጋው 3,000 ዶላር ነው። ሲከፍሉ የፕሮፎርማውን ቁጥር ይጥቀሱ፤ የማስተላለፊያውን ወጪ በሙሉ እርስዎ ይሸፍኑ። ዕቃውን የምንጭነው ባንካችን ገንዘቡ መግባቱን ሲያረጋግጥልን ነው።»

የማስተላለፊያው ወጪ ካልተጠቀሰ፣ መሀል ላይ ያሉ ባንኮች ቀንሰውበት ገንዘቡ ጎድሎ ሊደርስ ይችላል። ገዢው የሚልከው የስዊፍት ቅጂም ክፍያው መታዘዙን እንጂ መግባቱን አያሳይም። ባንኩ የሚሰጣት የቅድመ ክፍያ ማረጋገጫ ደግሞ ለኤክስፖርት ፈቃዱም ያስፈልጋታል።

በመጨረሻ፦ «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀየረ የሚል ኢሜይል ቢደርስዎ፣ ከመክፈልዎ በፊት በሚያውቁት ስልክ ይደውሉልን።» አጭበርባሪዎች የሚገቡት በዚህ በኩል ነውና።