ለወላጆቻችን የስልክ ሕክምና ከመግዛታችን በፊት



ብዙዎቻችን ከሜልበርን ሆነን፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችን ከሐኪም ጋር በስልክና በቪዲዮ የሚያገናኝ ዓመታዊ አገልግሎት እንገዛለን። ነርስ ስለሆንኩ «የትኛው ይሻላል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ እኔው ራሴ የተሳሳትኩትን ነው።

እኔና እኅቶቼ ለእናታችን «የቤተሰብ» የሚባል ጥቅል ገዛን። በዓመት 6 ምክክር ይፈቅዳል። እናታችን የደም ግፊት ስላለባት፣ በየሁለት ወሩ አንድ ጊዜ ይበቃታል አልን። በሦስተኛው ወር አለቀ።

አንደኛው ጥሪ የሕመሟን ታሪክ የተጠየቀችበት ነው፤ ሐኪሙ ኩላሊቷን ለማየት የደም ምርመራ አዘዘላት። ውጤቱን ለማሳየት ስትደውል ሁለተኛ ተብሎ ተቆጠረ። ሦስተኛው ገና ሰላምታ ላይ እያሉ ኔትወርክ የተቋረጠበት ነው። መድኃኒት ተቀይሮላት እግሯ ሲያብጥ አራተኛ ሆነ። ከዚያ ወደ ልብ ስፔሻሊስት ተላከች። የስፔሻሊስት አንድ ጥሪ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ስድስቱ ሞላ።

በዚያው ሰሞን አባታችንን ሳል ያዘው። ብንደውል «አልተመዘገቡም» ተባልን። ውሉን ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። «ቤተሰብ» የሚለው የከፋዩን የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ከፋይዋ እኔ ነኝ። እናታችን በተጨማሪ ሰውነት ገብታ ነበር፤ አባታችን ግን ከነጭራሹ የለበትም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። የተሸፈኑት ሰዎች በስም እነማን ናቸው? የላቦራቶሪ ውጤት ማሳየትና የተቋረጠ ጥሪ ይቆጠራል? ስፔሻሊስት ለማግኘት የጠቅላላ ሐኪም መላኪያ ያስፈልጋል ወይ፣ ስንት ጥሪስ ይወስዳል?

የሜዲኬር ካርዳችን እዚህ ላይ አይረዳንም። ሜዲኬር ለስልክ ሕክምና የሚከፍለው በሽተኛው አውስትራሊያ ውስጥ ካለ ነው። ከጠቅላላ ሐኪም ጋር ሲሆን ደግሞ በአብዛኛው ባለፉት 12 ወራት በአካል መታየትን ይጠይቃል። ይህኛው ደንብ ለአገር ቤትም ጥሩ ትምህርት ነው፤ ስልክ የሚጠቅመው አስቀድሞ በአካል የታየን ሰው ለመከታተል ነው።

አሁን እናታችን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታያለች። ከቀጠሮዋ በፊት ባለው ሳምንት፣ ክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ ጠዋትና ማታ ግፊቷን ለክታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ከዚያ የግፊቱን መዝገብ፣ የላቦራቶሪውን ውጤትና የመድኃኒቶቿን ስም ይዛ አንድ ጊዜ ትደውላለች። ቀድሞ ሦስት ጥሪ የሚፈጀው በአንድ ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደረት ሲያስጨንቅ፣ አንድ ወገን ሰውነት ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር ጥሪ የቀረ ቢሆንም አትደውሉ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰዱ።