የስክሪን መግለጫ ወረቀትና የቁጥሮቹ ትርጉም



አንድ የግዥ ኮሚቴ ለስብሰባ አዳራሽ ስክሪን ለመግዛት ሁለት የዋጋ ማቅረቢያዎችን ከፊቱ ዘርግቷል እንበል። የመጀመሪያው መግለጫ ወረቀት ብርሃኑ 400 ኒት፣ ንፅፅሩ 1,000,000 ለ 1 መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው በብርሃን እኩል ሆኖ ንፅፅሩ 3,000 ለ 1 ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ኮሚቴው ወደ መጀመሪያው ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቁጥሮች የተለኩት በአንድ መንገድ አይደለም።

ኒት በአንድ ካሬ ሜትር ገጽ የአንድ ካንዴላ ድምቀት ነው። ንፅፅር ደግሞ የነጩ ድምቀት ለጥቁሩ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። አንድ ሚሊዮን የተባለው «ተለዋዋጭ ንፅፅር» ነው፤ ይኸውም ነጩ በአንድ ጊዜ፣ ጥቁሩ ደግሞ የኋላው መብራት ሊጠፋ እስኪቃረብ ከደበዘዘ በኋላ በሌላ ጊዜ ተለክቶ የተገኘ ነው። እውነተኛ ምስል ግን ነጭና ጥቁርን በአንድነት ይይዛል። ወረቀቱ ዝቅ ብሎ በትንንሽ ፊደል «ቋሚ ንፅፅር 1,000 ለ 1» ይላል። እንግዲያው ጥቁሩ 0.4 ኒት ነው ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ የስክሪኑን ግማሽ ነጭ፣ ግማሹን ጥቁር አድርጎ መመልከት ይበቃል፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል።

አሁን መብራቱ ይብራ። በስክሪኑ ላይ 300 ሉክስ ብርሃን ቢያርፍና ገጹ ከዚህ 2 በመቶውን በትኖ ቢመልስ፣ 300 በ0.02 ተባዝቶ ለ3.14 ሲካፈል 1.9 ኒት ይሆናል። ይህ ብርሃን በነጩም በጥቁሩም ላይ ይደመራል። የመጀመሪያው ስክሪን 401.9 ለ 2.3 ሲካፈል ንፅፅሩ ወደ 175 ይወርዳል። የሁለተኛው ጥቁር 0.13 ኒት ስለሆነ፣ ንፅፅሩ 200 ገደማ ይሆናል። በወረቀት ላይ የነበረው የሦስት እጥፍ ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። አዳራሹ በመጋረጃ የሚጨልም ከሆነ ግን ሁለተኛው ለተጨማሪ ዋጋው ይገባዋል።

በመጨረሻም «ኤችዲአር 10» የሚለው ምልክት አለ። ይህ ስክሪኑ ሰፊ የብርሃን ክልል ያለውን ምስል መቀበል እንደሚችል ይናገራል እንጂ ያንን ክልል በገጹ ላይ እንደሚያወጣው አያረጋግጥም። ጥቁሩ 0.4፣ ነጩ 400 ኒት የሆነ ስክሪን ምልክቱ ቢለጠፍበትም ባይለጠፍበትም ክልሉ ያው ነው። ከፍተኛ ድምቀት ተብሎ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ በትንሽ ነጭ ሳጥን ላይ የተለካ ስለሆነ፣ ሙሉው ገጽ ነጭ ሲሆን ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ቋሚው ንፅፅር ስንት ነው? ድምቀቱ የተለካው በምን ያህል ገጽ ላይ ነው? በአዳራሹስ ስንት ሉክስ ብርሃን አለ? የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ሻጩ ሳይሆን፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ ነው።