ከግድግዳ የተነቀለ መደርደሪያ

ኮላ ድባ ውስጥ በብሎኬት በተሠራ ቤት የዕቃ መደርደሪያ ተንዶ ወደቀ እንበል። ፊሸሩ ከነብሎኑ ወጥቷል፤ ቀዳዳውም አውራ ጣት ያስገባል።

መጀመሪያ የወጣውን ፊሸር እዩት። ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ልስን ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ግማሹ የያዘው ልስኑን ብቻ ነበር ማለት ነው። ልስን ክብደት አይችልም። ቀሪው ግማሽ ደግሞ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚነክሰው አጥቶ ይሆናል። ሲበሱ ትራፓኖው ድንገት ሸርተት ብሎ ከገባ ያ ባዶው ነው።

ሰፊው ቀዳዳ ላይ ወፍራም ፊሸር መጠቅጠቅ ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል እንጂ አያድነውም። የላላውን ፍቁት፣ አቧራውን አውጡ፣ በውኃ አርጥቡት። ከኋላው ባዶ ከሆነ የተጨማደደ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወትፉበት፤ ሙሌቱ ወደ ውስጥ እንዳይፈስ ይይዘዋል። ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ወፈር አድርጋችሁ አቡኩና ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት። ለጥቂት ቀን እያረጠባችሁ፣ ሳምንት ያህል ጠብቁ።

አዲሱን ቀዳዳ ግን፣ መደርደሪያው ከፈቀደ፣ ከሙሌቱ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት። ፊሸሩ ከልስኑ አልፎ ብሎኬቱን የሚነክስ ረጅም ይሁን። የትራፓኖውን ምት አጥፉ፤ ምቱ የብሎኬቱን ስስ ገጽ ከውስጥ ይገነጥለዋል።

ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ፊሸር አትግዙ። ግድግዳውን እያንኳኳችሁ የባሕር ዛፉን ቋሚ ፈልጉና ብሎኑን በቀጥታ እንጨቱ ላይ እሰሩት።