ሃያ ፎቶ ይበቃል

ዛሬ የምንነግራችሁ የፎቶ አንሺዋን አባላችንን ድረ ገጽ እንዴት እንዳዘጋጀን ነው።

ሰርግም፣ ክርስትናም፣ የሀገር ልብስም ታነሳለች። ያመጣችው ወደ 300 ፎቶ ነበር። መጀመሪያ «ወደፊት ማን እንዲያሠራሽ ትፈልጊያለሽ?» ብለን ጠየቅናት። «የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጡ» አለች። እንግዲያው የሰርጉ ፎቶ ቢያምርም አስቀረነው፤ ደንበኛ የሚያዘው ያየውን ነውና። ከሚመሳሰሉት አንዳንዱን ብቻ ስንይዝ 20 ቀሩ።

ከሁሉ የሚበልጠውን ፊት አደረግን፤ ብዙ ሰው ከመጀመሪያዎቹ አልፎ አያይምና። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀሚስ ሙሉ ቁመቱን፣ ቀጥሎ ጥለቱን ከቅርብ አሳየን። ገዢም በሱቅ የሚያየው እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ኋላ በእጁ ይዞ።

ከካሜራ የወጣው እያንዳንዱ ፎቶ 8 ሜጋባይት ያህል ስለነበር በስልክ ቶሎ አልከፍት አለ። ወርዱን ወደ 1600 ፒክስል አሳንሰን ስናስቀምጠው ወደ 300 ኪሎባይት ወረደ፤ በስልክ ሲታይ ጥራቱ አልጎደለም።

በመጨረሻ ፊታቸው የሚታየውን ሴቶች ፈቃድ ጠየቅን። የፊተኛው ፎቶ ባለቤት አልፈቀደችም። ፎቶውን አወጣነው፤ በቦታው ጥለቱ ብቻ የሚታይበትን አስገባን። ገጹ ዛሬ የሚከፈተው በእሱ ነው።